ጣሪያው ቀጥ ያለ፣ አንቴናው የቀጠነ ህንጻ፦ ሰማዩን በፖሊጎናል ላሶ ማውጣት

ሕሊና_ግራፊክስ

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ሥራ ይዤ ተቸግሬያለሁ። የሆቴል ፎቶ ነው። ህንጻው ሰባት ፎቅ ነው፣ ጣሪያው ቀጥ ያለ ነው፣ ላዩ ላይ ግን አንቴና በዝቶበታል። ደንበኛው ሰማዩ ወጥቶ ደመና ያለበት ሌላ ሰማይ እንዲገባለት ይፈልጋል። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ነው፣ በስልኩ። 4000 በ3000 ፒክሴል ጄፔግ ነው። የሚታተመው 3 ሜትር ስፋት ባለው ባነር ላይ ሲሆን በር ላይ ይሰቀላል። የምሠራው በፎቶሾፕ `CS6` ነው። ኮምፒውተሬ ከዚያ በላይ አይችልም።

`Polygonal Lasso Tool` ይዤ ጣሪያውን ከማዕዘን ማዕዘን ክሊክ እያደረግኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ሳላስበው ራሱ ይዘጋል። ከዚያ ሰማዩን ሳጠፋው የጣሪያው ሁለት ጫፍ ልክ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀጭን ቁራጭ ከህንጻው አብሮ ይሄዳል። አንቴናዎቹ ደግሞ የባሰ ናቸው። አንድ ቀይና ነጭ የተቀባ የኔትወርክ ማማ አለ፣ አጠገቡ የቲቪ አንቴና፣ ጥግ ላይ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ። ቀጫጭኖቹ ይቆራረጣሉ፤ የተረፉትም ዙሪያቸውን ሰማያዊ ይዘው ይቀራሉ። ምን ላድርግ?

ናቲ_ፒክሴል

ቀላል ነው እህት። ላሶውን ስትጎትቺ `Shift` ተጭነሽ ያዢ፣ መስመሩ ቀጥ ይልልሻል። `Feather` ላይ ደግሞ 2 አድርጊ፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ሰማያዊውም አይታይም። ለአንቴናዎቹ 400 ፐርሰንት ዙም አድርገሽ በግራ ወጥተሽ በቀኝ መውረድ ነው። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባለ_ስቱዲዮው

ናቲ፣ ዙሙ ላይ ልክ ነህ። `Shift` ግን እዚህ ያበላሻታል። `Shift` መስመሩን ቀጥ የሚያደርገው በራሱ ማዕዘን ብቻ ነው፤ አግድም፣ ቁልቁል ወይም 45 ዲግሪ። መንገድ ላይ ቆመህ ቀና ብለህ ያነሳኸው ህንጻ ጣሪያው አግድም አይሆንም። 4 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል እንኳ በ1000 ፒክሴል ርቀት 70 ፒክሴል ያህል ይርቃል። ፖሊጎናል ላሶ በሁለት ክሊክ መካከል የሚያሰምረው መስመር ያለ `Shift` ም ቀጥ ያለ ነው። ሥራው ያ ነው።

`Feather` ንም 0 አድርጊው ሕሊና፤ `Anti-alias` ላይ ግን ምልክቱ ይኑር። የኮንክሪት ጠርዝ ላይ 2 ፒክሴል ማለስለስ ማለት ህንጻው ግማሽ ግማሽ እየሆነ ወደ ሰማዩ ይፈሳል ማለት ነው። የድሮው ሰማይ ቀለም እዚያ ግማሹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሰማያዊውን አይደብቀውም፣ ያሰፋዋል። 3 ፒክሴል ስፋት ላለው ዘንግማ ጭራሽ አይሆንም፤ ከሁለት ወገን 2 ሲለሰልስ ሙሉ ሆኖ የሚተርፍ ፒክሴል የለም። ዘንጉ ጥላ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ራሱ የሚዘጋው ሁለት ነጥብ ተቀራርበሽ ቶሎ ቶሎ ስትነኪ ነው። ፎቶሾፕ እንደ ደብል ክሊክ ይቆጥረዋል፣ ደብል ክሊክ ደግሞ መዝጊያው ነው። ካለሽበት ነጥብ ወደ መጀመሪያው ነጥብ በቀጥታ አስምሮ ይዘጋዋል። ያረጀ ማውዝም እንዲሁ ያደርጋል፤ አንዴ ስትጫኚው ሁለቴ ይልካል። ደብል ክሊክ ሳትፈልጊ በዴስክቶፑ ላይ ፎልደር የሚከፍትብሽ ከሆነ ማውዙን ቀይሪ።

ዋናው መፍትሔ ግን ሰማዩን ሁሉ በአንድ ዙር አለመሞከር ነው። የግራውን ጣሪያ ለብቻ አድርገሽ ዝጊ። ከዚያ `Shift` ተጭነሽ ቀጣዩን ጀምሪ፣ ይደመርልሻል። ልብ በይ፣ የመጀመሪያውን ክሊክ እንዳደረግሽ `Shift` ን ልቀቂ። ካልለቀቅሽው ቅድም ያልኩት የ45 ዲግሪ ነገር ይመጣል። ያበላሸሽውን ነጥብ `Backspace` ይመልሰዋል፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ። ይህ የሚሠራው ላሶው ሳይዘጋ ነው። ከተዘጋ በኋላ ያው ቁልፍ ምስሉን ራሱን ያጠፋል።

ሌላ የምመክርሽ፣ `F` ተጫኚና ምስሉ ዙሪያ ግራጫ ቦታ ይምጣልሽ። ሰማዩ በፎቶው ጠርዝ በኩል ሲያልፍ ውጭ ግራጫው ላይ ክሊክ ማድረግ ትችያለሽ። ጠርዙ ላይ ቀጭን የሰማይ ክር እንዳይቀር ያደርጋል።

የጣሪያው መሃል የተቆረጠው ሌላ ነገር ነው። ምናልባት ጣሪያሽ ቀጥ አይደለም። በሰፊ ሌንስ ሲነሳ በፎቶው ላይኛ ክፍል ያለ አግድም መስመር መሃሉ ወደ ላይ ይጎብጣል። ጣሪያው ደጋን ነው፣ ያንቺ መስመር ደግሞ ጅማቱ። በሁለቱ መካከል ያለው ህንጻ ነው ከሰማዩ ጋር የሚሄደው። ለክተሽ ንገሪኝ፦ ከማዕዘን ማዕዘን ስታሰምሪ መሃሉ ላይ ስንት ፒክሴል ይርቃል?

ማርታ_ጎንደሬ

እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ለማኅበር ካሌንደር ሰማዩን ላወጣለት ፈልጌ በዚሁ ላሶ ሞከርኩ። ክቡ ጣሪያ ሁሉ ስብርብር ብሎ ነው የወጣው። ጉልላቱ ላይ ያሉት የሰጎን እንቁላሎችማ ባለ ስድስት ጎን ሆኑ። ይሄ ላሶ ምን ይጠቅማል?

ባለ_ስቱዲዮው

ማርታ፣ ላንቺ ሥራ አይጠቅምም። ክብ ነገር ላይ `Pen Tool` ተጠቀሚ። እንቁላሎቹን ደግሞ በ`Elliptical Marquee Tool` አንድ በአንድ ብትይዣቸው ይቀላል። መስቀሉን ግን በፖሊጎናል አድርጊው፤ የመስቀሉ ክንዶች ቀጥ ያሉ ናቸው።

ሕሊና_ግራፊክስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትዎን ነው፣ ጎብጧል። የፊት ለፊቱ ጣሪያ ከጫፍ ጫፍ 2600 ፒክሴል ይሆናል። መሃሉ ላይ በ8 ፒክሴል ይርቃል። በዓይን ግን ፍጹም ቀጥ ነው የሚመስለው! `Filter` ውስጥ ያለውን `Lens Correction` ልጠቀም ወይስ ነጥብ ላብዛ?

ባለ_ስቱዲዮው

ሁለቱም ይሆናል። `Lens Correction` ውስጥ `Custom` የሚለው ገጽ ላይ `Remove Distortion` አለ። ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስሽ ከሚያሳይሽ መረብ ጋር አስተያይው። ጣሪያው ቀጥ ካለ በሁለት ክሊክ ትጨርሻለሽ። ግን ይህ እያንዳንዱን ፒክሴል ከቦታው አንቀሳቅሶ እንደገና ይሠራዋል፤ 3 ፒክሴል የሆነው የመብረቅ ዘንግሽ ትንሽ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንቴና ባለበት ፎቶ ላይ እኔ ነጥብ ማብዛቱን እመርጣለሁ።

ደግሞ ብዙ ነጥብ አያስፈልግም። ጉብጠቱ በርዝመቱ ካሬ ነው የሚቀንሰው። መሃል ላይ አንድ ነጥብ ብትጨምሪ 8ቱ ወደ 4 ሳይሆን ወደ 2 ይወርዳል። በአራት ቁራጭ ብታደርጊው ግማሽ ፒክሴል ይሆናል፣ ያ አይታይም። ማለት በ2600 ፒክሴል ጣሪያ ላይ አምስት ክሊክ። ብዙ ሰው ጣሪያ ሲጎብጥበት በየ20 ፒክሴሉ መንካት ይጀምራል። ያኔ የእጁ መንቀጥቀጥ ራሱ ጣሪያው ላይ ይታተማል፣ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። አምስት በጥንቃቄ የተነኩ ነጥቦች ከመቶ የተሻሉ ናቸው። እያንዳንዷን ግን 300 ፐርሰንት ላይ ሆነሽ ንኪያት። ላሶውን ሳትለቂ `Space` ተጭነሽ ምስሉን መጎተት ትችያለሽ።

አንድ ጥያቄ፣ ጣሪያው ኮንክሪት ነው ቆርቆሮ?

ሕሊና_ግራፊክስ

ፊት ለፊቱ ኮንክሪት ነው። ከኋላ ግን የቆርቆሮ ጫፍ ትንሽ ብቅ ብሏል። የሮቶው ማስቀመጫ መሆን አለበት።

ባለ_ስቱዲዮው

ቆርቆሮው ጎድጎድ እያለ ከታየሽ እሱን በቀጥታ መስመር አትቁረጪው፤ የጎድጓዱ ጫፍ ይታጨድና ቆርቆሮነቱ ይጠፋል። ከሩቅ ስለሆነ ቀጥ መስሎ ከታየሽ ግን ዝም ብለሽ እለፊው።

አሁን አንቴናዎቹ። እዚህ ላይ ላሶው የሚሠራውን ያህል ብቻ አሠሪው። የ3 ፒክሴል ዘንግን በግራ ወጥቶ በቀኝ መውረድ የሚባለው ነገር የማይሠራበት ምክንያት አለ። ከ3ቱ ፒክሴል ሙሉ በሙሉ ዘንግ የሆነው መሃለኛው ብቻ ነው። ግራና ቀኙ ግማሽ ዘንግ ግማሽ ሰማይ ናቸው። ዘንጉ ትንሽ ስላዘነበለ ደግሞ መስመርሽ አንዴ ግማሹን ያስገባል፣ አንዴ ይተወዋል። የሚቆራረጠው ለዚህ ነው። እጅሽ ምንም ያህል ቢረጋ አታድኚውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ `Background` የሚለውን ሌየር ደብል ክሊክ አድርገሽ ክፈቺው። ከዚያ ሰማዩን በላሶ ስትይዢ ጣሪያው ላይ ጥብቅ፣ አንቴናዎቹ ጋ ስትደርሺ ግን ሰፋ አድርገሽ ዙሪያቸውን እለፊ። በግራና በቀኝ 20 ፒክሴል የሚሆን ሰማይ አብሯቸው ይቅር። ይዘሽ ስትጨርሺ አታጥፊ። `Alt` ተጭነሽ ከሌየሮቹ ሥር ያለችውን የማስክ ምልክት ንኪ፣ የያዝሽው ሰማይ ይደበቃል። ጠፍቶ ስላልሄደ ያበላሸሽውን በነጭ ብሩሽ ትመልሺዋለሽ።

አሁን ሦስት የሰማይ ቁራጭ ቀረሽ፣ በየአንቴናው ዙሪያ። `Channels` ክፈቺና `Red`, `Green`, `Blue` ን አንድ በአንድ እያቸው። ሰማዩ ሰማያዊ ከሆነ `Blue` ላይ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው። ጥቁር የቲቪ አንቴና እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ያንን ቻናል ኮፒ አድርጊ። `Ctrl+L` ብለሽ ግራውን ጥቁር መጎተቻ ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ነጭ ወደ ግራ አምጪ፤ ሰማዩ ነጭ፣ አንቴናው ጥቁር እስኪሆን። ጠርዙ ላይ ያለው ግራጫ ግን ይቆይ። ግራጫውን ከገደልሽው ዘንጉ ደረጃ ደረጃ ይሆንብሻል። ህንጻው ቢበላሽ ግድ የለም፣ አንጠቀምበትም።

ከዚያ ላሶው ይመለሳል። በአንቴናው ዙሪያ የቀረውን ቁራጭ በደፈናው ያዢው፣ ከታች ጣሪያው ላይ ትክክል አድርገሽ። `Ctrl+Shift+Alt` ተጭነሽ ኮፒ ያደረግሽውን ቻናል ትንሽ ምስሉ ላይ ንኪ። ሁለቱ የሚጋሩት ብቻ ይቀራል፤ ማለት በላሶሽ ውስጥ ያለው ሰማይ። ማስኩን ንኪና ጥቁር ሙዪበት። አለቀ። የሚሯሯጠው ነጠብጣብ መስመር ዘንጉን የሳተው ቢመስልሽ አትደንግጪ። እሱ የሚያሳየው ከግማሽ በላይ የተያዘውን ብቻ ነው።

ሻርጃ_ላይ

ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ሰማዩ ነጭ ከሆነ አቋራጭ አለ። እኔ እዚህ የቤት ሽያጭ ፎቶ ነው የምሠራው። አቧራው ስለሚበዛ ሰማያችን አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። አንቴና ያለበትን ቁራጭ ብቻ በላሶ ይዤ `Ctrl+J` ብዬ በተለየ ሌየር አወጣዋለሁ። ከአዲሱ ሰማይ በላይ አስቀምጬ `Multiply` አደርገዋለሁ። ነጩ ይጠፋል፣ ጥቁሩ አንቴና ይቀራል። ማስክ የለ፣ ቻናል የለ። ቁራጩ ዙሪያ ጥላ ያለ ሳጥን ከታየሽ ሰማዩ ሙሉ ነጭ አልሆነም ማለት ነው። በዚያው ሌየር ላይ `Ctrl+L` ብለሽ ነጭ እስኪሆን ግፊው።

ባለ_ስቱዲዮው

ይሠራል፣ እኔም ደመናማ ቀን ላይ እጠቀምበታለሁ። የሕሊና ሰማይ ግን ሰማያዊ ነው፣ ያንን እስኪነጣ ስትገፋው ቀጭኑ ዘንግ አብሮ ይሳሳል። ደግሞ `Multiply` ጥቁር አንቴና ላይ ብቻ ነው። ፀሐይ የመታው አሉሚኒየም ወይ ነጭ የተቀባ ብረት ከሰማዩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ሕሊና_ግራፊክስ

የቲቪ አንቴናው ወጣልኝ! በጣም ንጹሕ ነው። ግን ሁለት ነገር ቀረ። ዘንጉ ጠርዝ ላይ አሁንም ሰማያዊ ነገር አለ፣ አዲሱ ደመና ነጭ ስለሆነ ይታያል። ማማው ደግሞ `Blue` ላይ ግማሹ ብቻ ነው የሚወጣው። ቀዩ ክፍል ጥቁር ይሆናል፣ ነጩ ክፍል ከሰማዩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ማማው በአየር ላይ የተንጠለጠሉ ቀይ ቁርጥራጮች ሆነ 😅

ናቲ_ፒክሴል

እኔ የምለው፣ አንቴናዎቹን ለምን አታጠፊያቸውም? ሆቴል ነው እኮ። የኔትወርክ ማማ በባነር ላይ ማን ማየት ይፈልጋል? ጣሪያውን ቀጥ አድርገሽ ቁረጪና ላኪ። ሥራው ሩብ ይሆናል።

አርክቴክቱ

ናቲ፣ ባነሩ የሚሰቀለው እዚያው በር ላይ ነው ተብሏል። ሰውየው ባነሩን አይቶ ቀና ሲል ማማው ቆሟል። የቲቪ አንቴናውን ብታነሳው ማንም አይፈርድም፣ ነገ ሊነቀል የሚችል ነገር ነው። ማማው ግን የህንጻውን ከፍታ የሚቀይር ትልቅ ነገር ነው፣ ሰውም አካባቢውን የሚያውቀው በሱ ይሆናል። እኔ የህንጻ ፎቶ ሲሠራልኝ ያለ ፈቃድ ጣሪያ ላይ ያለ ነገር እንዲነሳ አልፈልግም። ደንበኛውን ጠይቂው።

ናቲ_ፒክሴል

ደንበኛ ከተጠየቀ "ሁለቱንም አሳዪኝ" ነው የሚለው። ከዚያ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ባለ_ስቱዲዮው

ማማው እንዲቀር እናስብና እንቀጥል። ሕሊና፣ ለማማው `Blue` ን ተዪና `Red` ን እይ። ቀይም ነጭም ቀለም `Red` ቻናል ላይ ብሩህ ነው፣ ሰማያዊ ሰማይ ደግሞ እዚያ ላይ ጠቆር ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ክፍሎች አብረው ነጥተው ይወጣሉ። ኮፒ አድርጊ፣ በ`Ctrl+L` ሰማዩን ጥቁር ማማውን ነጭ አድርጊ፣ ከዚያ `Ctrl+I` ብለሽ ገልብጪው፣ ምክንያቱም የምንደብቀው ሰማዩን ነው። የቀረው ቅድም እንዳደረግሽው ነው። በብረቶቹ መካከል ያሉት ትናንሽ የሰማይ ሦስት ማዕዘኖችም በዚያው ይወጣሉ። እነሱን በላሶ አንድ በአንድ ማውጣት ሰው አያድርገው።

ለዚህ ነው አንቴናዎቹን በየቁራጩ ለዪ ያልኩት። አንዱ ቁራጭ `Blue` ይፈልጋል፣ ሌላው `Red`። ለሁሉም አንድ ቻናል የሚፈልግ ሰው አንዱን ሲያድን ሌላውን ይገድላል።

የጠርዙን ሰማያዊ በማስክ ለመቁረጥ አትሞክሪ። ቅርጹ ልክ ነው፣ የተበከለው ቀለሙ ነው። ከህንጻው ሌየር በላይ ባዶ ሌየር ክፈቺና `Ctrl+Alt+G` በይ፣ ከታችኛው ጋር ይያያዛል። ከዘንጉ መሃለኛ ፒክሴል በ`Eyedropper Tool` ጥቁር ግራጫውን ውሰጂና ዘንጉን በሙሉ ቀቢው። ብሩሹ ሰፊ ቢሆንም ከቅርጹ አይወጣም፣ ማስኩ ይይዘዋል። ጠርዙ ያው ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ቀለሙ ግን ሰማያዊ መሆኑ ይቀራል። ታች ጣሪያው ጋ ስትደርሺ ብቻ ተጠንቀቂ፣ ኮንክሪቱንም እንዳትቀቢው።

ሕሊና_ግራፊክስ

ማማው ሙሉ ሆኖ ወጣ። በጥላው በኩል ያሉት ነጭ ክፍሎች ግን `Red` ላይም ሰማዩን መስለዋል። ግራጫ ሆነዋል፣ ሁለት ቦታ ላይ ተበልተዋል።

ሌላው፣ ጣሪያው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። ኮንክሪቱና አዲሱ ሰማይ መካከል። ስቆርጥ ያን ያህል ተጠንቅቄ ነበር።

ባለ_ስቱዲዮው

ጥላው ውስጥ ያለ ነጭ ብረት በቀለም ከሰማዩ አይለይም፣ ስለዚህ ቻናል አያወጣውም። እዚያ ላሶ ይሻላል። ማማው ጠቅላላ ስንት ፒክሴል ነው፣ እያንዳንዱ ቋሚ ብረትስ?

ነጩ መስመር ያንቺ አይደለም፣ የስልኩ ነው። ስልክ ፎቶውን ሲያስቀምጥ ጠርዞችን ያሾላል። ጥቁር ከብሩህ በሚገናኝበት ቦታ ብሩሁን ይበልጥ ያበራዋል። ጣሪያው ዙሪያ 1 ወይም 2 ፒክሴል ብሩህ ክር ይሠራል። በሰማያዊው ሰማይ ላይ አይታይም ነበር። አዲሱ ሰማይ ጠቆር ካለ ይወጣል። ላሶሽን ልክ ጠርዙ ላይ ብታደርጊ ክሩ ከህንጻው ጋር ይቀራል። ቁርጡ ወደ ኮንክሪቱ 1 ፒክሴል ገባ ማለት አለበት።

ሥራውን አትድገሚው። ማስኩን `Ctrl` ተጭነሽ ንኪ፣ ህንጻው ይያዛል። `Select > Inverse`፣ ከዚያ `Select > Modify > Expand` 1። አሁን አንቴናዎቹን ከዚህ አውጪያቸው፤ `Alt` ተጭነሽ በላሶ ዙሪያቸውን ያዢና ይቀነሱ። ካልቀነስሻቸው ከ3 ፒክሴል ዘንግ ከሁለት ወገን 1 ፒክሴል ይሄዳል። ከዚያ ማስኩ ላይ ጥቁር ሙዪ። ክሩ አሁንም ካለ አንዴ ድገሚው። ከ2 በላይ ግን አትሂጂ፤ የማዕዘኖቹ ሹልነት መጥፋት ይጀምራል።

ከሥሩ ደግሞ ለጊዜው ደማቅ ሮዝ ሌየር አድርጊ። ነጭ ክር፣ የተረሳ የሰማይ ቁራጭ፣ በቆርቆሮው ሥር የቀረች ሰማያዊ ነጥብ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይጋለጣል። ደመና ላይ ብቻ ካየሽው ይሸወድሻል።

ሕሊና_ግራፊክስ

ማማው 40 ፒክሴል ይሆናል፣ ቋሚ ብረቶቹ እያንዳንዳቸው 4። ከላይ ወደ ጣሪያው የሚወርዱ የመወጠሪያ ሽቦዎችም አሉ፣ እነሱ 1 ፒክሴል እንኳ አይሞሉም። አንዳንድ ቦታ ይታያሉ፣ አንዳንድ ቦታ የሉም።

ባለ_ስቱዲዮው

4 ፒክሴል ከሆነ ለተበሉት ቦታዎች ላሶም አያስፈልግሽም። ማስኩ ላይ ሆነሽ 4 ፒክሴል ብሩሽ ያዢ፣ `Hardness` 80 አካባቢ፣ ቀለሙ ነጭ። ብረቱ ከመበላቱ በፊት ባለው ጫፍ አንዴ ንኪ፣ `Shift` ተጭነሽ ካለቀበት ማዶ ንኪ። ቀጥ ያለ መስመር ያወጣልሻል። ይኸኛው `Shift` 45 ዲግሪ አያስገድድም፣ በፈለግሽው ማዕዘን ይሄዳል። የጠፋው ብረት ከነ ቀለሙ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ሌየሩ ውስጥ አለ።

ሽቦዎቹን እኔ እተዋቸዋለሁ። 4000 ፒክሴል በ3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ አንዱ ፒክሴል 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ግማሹ የጠፋ ሽቦ ባነር ላይ የተቆራረጠ ጭረት ነው የሚመስለው። ሰው የሕትመት ስህተት ያደርገዋል።

አርክቴክቱ

እኔ ግን አልስማማም። ማማ ያለ መወጠሪያ ሽቦ ሲቆም ለሚያውቅ ሰው ይታያል። በቀጭን ብሩሽ ከጫፍ ጫፍ አዲስ ይሰመርላቸው።

ባለ_ስቱዲዮው

ማሰመሩ ቀላል ነው፣ ያው `Shift` ክሊክ ነው። ችግሩ ሽቦው በፎቶው ውስጥ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ማወቁ ነው። ሙሉ ጥቁር አድርገሽ ካሰመርሽው ከማማው ራሱ ይበልጥ ይጎላል። `Opacity` ን ወደ 40 አካባቢ አውርጂና በሙሉ መጠን ሳይሆን ባነሩ በሚታይበት ርቀት አስቢው።

ናቲ_ፒክሴል

ሽቦ ለማሰመር ጊዜ ካላት `Feather` 2 ላይ ለምን ተከራከርን 😂

ሕሊና_ግራፊክስ

ደንበኛውን ደወልኩለት። ማማው ይቅር አለ፣ ኪራይ ያገኝበታል። የቲቪ አንቴናው ግን ይነሳ አለ፣ ያ ሁሉ ከተለፋበት በኋላ! ሽቦውን ስጠይቀው "የቱ ሽቦ?" ነው ያለኝ። ከ`PNG` እና ከ`TIFF` ለማተሚያ ቤቱ የቱን ልላክ? አዲሱን ሰማይ አስገብቼዋለሁ፣ ባዶ ቦታ የለውም።

ሻርጃ_ላይ

ባዶ ቦታ ከሌለው `TIFF` አድርገሽ ላኪ። `PSD` ውን ግን ከነማስኩ አስቀምጪው፣ የቲቪ አንቴናውን መልሺልኝ ማለቱ አይቀርም።